የኤምቲዩ አለመጣጣምና የኦንላይን ጨዋታ መቋረጥ

ኤምቲዩ አንድ የኔትወርክ መስመር ሳይቆራርጥ በአንድ ጊዜ ሊያሳልፈው የሚችለው ትልቁ የፓኬት መጠን ነው፤ የሚለካውም በባይት ነው። የኤምቲዩ አለመጣጣም የሚባለው ደግሞ ላኪው መሣሪያ መስመሩ ይችላል ብሎ የያዘው መጠንና በመንገዱ ላይ ያለው ጠባቡ መስመር በእርግጥ የሚያሳልፈው መጠን ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው። በኦንላይን ጨዋታ ላይ ይህ ልዩነት በሁለት መልክ ይታያል። አንደኛው፣ ጨዋታው የይለፍ ቃሉን ከተቀበለ በኋላ «በመገናኘት ላይ» በሚል መልእክት ቆሞ መቅረቱ ነው። ሁለተኛው፣ ተጫዋቹ ጨዋታው በተጧጧፈበት ሰዓት ያለ ግልጽ ምክንያት ከሰርቨሩ መውጣቱ ነው።

ይህን ብልሽት ከሌሎች የኢንተርኔት ችግሮች የሚለየው ዋና ጠባይ በሰዓት ወይም በመስመሩ መጨናነቅ ላይ ሳይሆን በፓኬቱ መጠን ላይ የተመሠረተ መሆኑ ነው። ከአንድ ልክ በታች ያሉ ፓኬቶች ያለ ችግር ያልፋሉ፤ ከዚያ ልክ በላይ ያሉት ግን በተሞከሩ ቁጥር ይጠፋሉ። ስለዚህ የተለመደው የፒንግ ሙከራ ምንም ችግር አያሳይም። በዊንዶውስ ላይ ተራ ፒንግ የሚልከው ፓኬት በጠቅላላው 60 ባይት ብቻ ነውና ማንኛውም ጠባብ መስመር ያሳልፈዋል። ብልሽቱን ለማግኘት ፓኬቱን ሆን ብሎ ማሳደግ ያስፈልጋል።

## የመጠኑ ምንጭ

በቤትና በቢሮ ውስጥ በብዛት የሚሠራበት የኤተርኔት መስመር ኤምቲዩ 1500 ባይት ነው። ከእነዚህ 1500 ባይቶች ሁሉም የጨዋታው መረጃ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ 20 ባይቶች ላኪንና ተቀባይን የሚገልጹ የአይፒ ራስጌ ናቸው። ከዚያ ቀጥሎ እንደ ፕሮቶኮሉ ዓይነት ሌላ ራስጌ ይመጣል፤ ይህም ለቲሲፒ 20 ባይት፣ ለዩዲፒ 8 ባይት ነው። ስለዚህ በአንድ ሙሉ ፓኬት ውስጥ ቲሲፒ 1460 ባይት፣ ዩዲፒ ደግሞ 1472 ባይት የራሱን መረጃ መጫን ይችላል።

ኮምፒውተሩ በቀጥታ የሚያውቀው እስከ ራውተሩ ያለውን መስመር ብቻ ነው። ከራውተሩ ወዲያ ያለው መስመር ግን የራሱ ተጨማሪ ራስጌ ሊኖረው ይችላል። በጣም የታወቀው ምሳሌ ፒፒፒኦኢ የሚባለው የግንኙነት ስልት ነው። ይህ ስልት በ1999 እ.ኤ.አ. በአርኤፍሲ 2516 የተገለጸ ሲሆን፣ በስልክ ሽቦ ላይ በሚሠራው የዲኤስኤል ኢንተርኔት ደንበኛው በስምና በይለፍ ቃል እንዲገባ በሰፊው ሲያገለግል ቆይቷል። ፒፒፒኦኢ በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ 8 ባይት ይጨምራል። እነዚህ 8 ባይቶች ከኤተርኔቱ 1500 ውስጥ ስለሚወሰዱ ለአይፒ ፓኬቱ የሚቀረው 1492 ባይት ነው።

ቪፒኤንም እንዲሁ ያደርጋል። ዋየርጋርድ የተባለው ቪፒኤን እያንዳንዱን ፓኬት በሌላ ፓኬት ውስጥ ጠቅልሎ ስለሚልክ፣ በተለመደው አሠራሩ ለውስጠኛው ፓኬት 1420 ባይት ብቻ ይመድባል። መጠቅለያው በበዛ ቁጥር ለመረጃው የሚተርፈው ቦታ እየጠበበ ይሄዳል።

መስመሩ መጥበቡ በራሱ ብልሽት አይደለም። በ1492 ባይት የሚሠራ መስመር በትክክል ከተዋቀረ ተጠቃሚው ልዩነቱን ከቶ አያውቀውም። ብልሽት የሚፈጠረው ላኪው ስለ ጠባቡ መስመር ሳይነገረው ሲቀር ነው።

## «ጥቁር ጉድጓድ» እንዴት ይፈጠራል

አንድ ፓኬት በጉዞው ላይ ከመስመሩ በላይ ሆኖ ሲገኝ ራውተሩ ሁለት አማራጭ አለው። በአሮጌው የአይፒ ስሪት 4 ሕግ መሠረት ፓኬቱን ቆራርጦ ሊያሳልፈው ይችላል። ላኪው በራስጌው ላይ «አትቁረጥ» የሚል ምልክት ካደረገ ግን ራውተሩ ፓኬቱን ጥሎ፣ «ይህ ፓኬት ትልቅ ነው፤ የእኔ መስመር ይህን ያህል ብቻ ያሳልፋል» የሚል የአይሲኤምፒ መልእክት ወደ ላኪው መመለስ አለበት። ላኪው መልእክቱን ሲያገኝ መጠኑን ቀንሶ እንደገና ይልካል። ይህ በመንገድ ላይ ያለውን ትንሹን ኤምቲዩ የማግኛ ዘዴ በ1990 እ.ኤ.አ. በአርኤፍሲ 1191 የተደነገገ ሲሆን፣ የዛሬዎቹ የቲሲፒ ግንኙነቶች በአብዛኛው የሚመኩት በእርሱ ላይ ነው።

ዘዴው የሚሠራው የማስጠንቀቂያው መልእክት ላኪው ዘንድ ከደረሰ ብቻ ነው። አንዳንድ የሰርቨር አስተዳዳሪዎች ለደኅንነት ብለው ማናቸውንም የአይሲኤምፒ መልእክት በፋየርዎል ይዘጋሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ፓኬቱን የሚጥለው መሣሪያ እንዲህ ያለ መልእክት የመላክ ችሎታ የሌለው ሞደም ወይም ስዊች ይሆናል። በሁለቱም ሁኔታ ፓኬቱ ይጠፋል፤ ላኪውም ምክንያቱን አያውቅም። ቲሲፒ መልስ ሲያጣ ያንኑ መጠን ደግሞ ይልካል፤ እርሱም ይጠፋል፤ ጥቂት ቆይቶ ግንኙነቱ ጊዜው አልፎበት ይቋረጣል። ትላልቅ ፓኬቶችን ያለ ድምፅ ስለሚውጥ እንዲህ ያለው ቦታ በኔትወርክ ባለሙያዎች ዘንድ «ጥቁር ጉድጓድ» ይባላል።

## ችግሩ በጨዋታ ላይ ድንገተኛ የሚመስልበት ምክንያት

የአንድ ኦንላይን ጨዋታ ሥራ ብዙውን ጊዜ በሁለት ክፍል ይከፈላል። መግባት፣ የጓደኞችን ዝርዝር ማምጣት፣ የተጫዋቹን ንብረት መጫን የመሳሰሉት በቲሲፒ ይከናወናሉ። የጨዋታው እንቅስቃሴ ራሱ ግን በአመዛኙ በዩዲፒ ይላካል።

በመጀመሪያው ክፍል ብልሽቱ የሚታየው በመቆም ነው። ስምና የይለፍ ቃል ትንሽ ፓኬት ስለሆኑ ያልፋሉ፤ ሰርቨሩም አጭር የማረጋገጫ መልስ ይሰጣል። ከዚያ የተጫዋቹ ንብረት ዝርዝር ሲጠየቅ ሰርቨሩ መረጃውን በሙሉ ፓኬቶች ሞልቶ መላክ ይጀምራል፤ እነዚህም በጥቁሩ ጉድጓድ ይጠፋሉ። ስለዚህ አዲስ የተከፈተና ገና ምንም ንብረት የሌለው አካውንት ያለ ችግር ሊገባ ይችላል፤ በዚያው ቤት ለዓመታት የቆየ አካውንት ግን ይቆማል። ተጠቃሚው ችግሩ የአካውንቱ ይመስለዋል።

በሁለተኛው ክፍል መቋረጡ የሚመጣው በጨዋታው ጭንቀት ልክ ነው። ሰርቨሩ በየቅጽበቱ የሁሉንም ተጫዋች ቦታና ሁኔታ የያዘ መረጃ ይልካል። ሁለት ሰው ብቻ በአቅራቢያ ሲኖር ፓኬቱ ትንሽ ነው። ብዙ ተጫዋች በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ ግን ፓኬቱ ያድግና ልኩን ሊያልፍ ይችላል። የዩዲፒ ፓኬት ተቆራርጦ ቢላክም ሌላ አደጋ አለ። የፖርት ቁጥሩ ያለው በመጀመሪያው ቁራጭ ላይ ብቻ ስለሆነ አንዳንድ ራውተሮችና ፋየርዎሎች ቀሪዎቹን ቁራጮች ለየትኛው ግንኙነት እንደሆኑ ሳያውቁ ይጥሏቸዋል። ከቁራጮቹ አንዱ ከጠፋ ደግሞ ሙሉው ፓኬት ዋጋ የለውም። በተጫዋቹ ዓይን ይህ ሁሉ «ውጊያው በደመቀ ቁጥር እወጣለሁ» የሚል ቅሬታ ሆኖ ይታያል።

የጨዋታ አዘጋጆች ይህን ስለሚያውቁ የዩዲፒ ፓኬቶቻቸውን አሳንሰው የመላክ ልማድ አላቸው። የቫልቭ ኩባንያ ሶርስ በተባለው የጨዋታ ሞተሩ ውስጥ አንድ ፓኬት ሳይከፋፈል የሚላክበትን ልክ 1200 ባይት አድርጎ አስቀምጧል። በዚህ ምክንያት በዘመናዊ ጨዋታዎች ላይ የኤምቲዩ ችግር ይበልጥ የሚያጠቃው የመግቢያውንና የመጫኛውን ደረጃ ነው።

## መጠኑን መለካት

ለመለካት የሚያገለግለው ያው የፒንግ ትዕዛዝ ነው፤ ግን ሁለት ነገር ይጨመርበታል፤ «አትቁረጥ» የሚለው ምልክትና የመረጃው መጠን። በዊንዶውስ ትዕዛዙ እንዲህ ይጻፋል።

```
ping -f -l 1472 203.0.113.10
```

በሊኑክስ፦

```
ping -M do -c 4 -s 1472 203.0.113.10
```

በማክ፦

```
ping -D -c 4 -s 1472 203.0.113.10
```

እዚህ የተጻፈው አድራሻ ለምሳሌ ብቻ የተከለለ ስለሆነ በእርሱ ፋንታ የጨዋታውን ሰርቨር አድራሻ ማስገባት ያስፈልጋል። የጨዋታው ሰርቨር ለፒንግ የማይመልስ ከሆነ ለትልቅ ፒንግ የሚመልስ ሌላ ሰርቨር ይመረጣል።

በትዕዛዙ ውስጥ የሚጻፈው ቁጥር ኤምቲዩው ራሱ አይደለም። ፒንግ በመረጃው ላይ 8 ባይት የአይሲኤምፒ ራስጌና 20 ባይት የአይፒ ራስጌ ይጨምራል። ስለዚህ ያለፈው ትልቁ ቁጥር ላይ 28 ሲደመር የመንገዱ ኤምቲዩ ይገኛል። 1472 ሲያልፍ ኤምቲዩው 1500 ነው ማለት ነው። 28ን ሳይደምሩ ራውተሩ ላይ 1472 ብሎ መጻፍ በዚህ ሥራ ላይ የተለመደ ስሕተት ነው።

ሦስት ዓይነት መልስ ሊመጣ ይችላል፤ እያንዳንዱም የተለየ ትርጉም አለው። የመጀመሪያው ተራው መልስ ነው፤ ፓኬቱ ደርሶ ተመልሷል። ሁለተኛው የሚከተለው ነው።

```
Packet needs to be fragmented but DF set.
```

ይህ ፓኬቱ ትልቅ መሆኑን የሚናገር መሣሪያ አለ ማለት ነው። ተናጋሪው ኮምፒውተሩ ራሱ ወይም በመንገዱ ላይ ያለ ራውተር ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ደግሞ ይህ ነው።

```
Request timed out.
```

ትንሹ ፒንግ በትክክል እየተመለሰ ትልቁ ብቻ እንዲህ ዝም ከተባለ፣ ፓኬቱን ሳያስታውቅ የሚጥል ነገር አለ። የጥቁሩ ጉድጓድ ምልክት ይህ ዝምታ ነው።

## ምሳሌ፦ በ1492 መስመር ላይ 1500 የተጻፈበት ራውተር

አንድ ቤት በዲኤስኤል መስመር ይጠቀማል እንበል። ሞደሙና ራውተሩ የተለያዩ ሣጥኖች ናቸው፤ በፒፒፒኦኢ የሚገባው ራውተሩ ነው። ከዚህ ቀደም ራውተሩን ያዋቀረው ሰው `MTU` በሚለው ቦታ 1500 ብሎ ጽፏል። ራውተሩ ከኮምፒውተሩ 1500 ባይት ሲቀበል 8 ባይት ጨምሮ 1508 አድርጎ ወደ ሞደሙ ይልካል። ሞደሙ ከ1500 በላይ ስለማይቀበል ይጥለዋል፤ ማስጠንቀቂያ የመላክ ችሎታም የለውም። ድረ ገጾች በአብዛኛው ይከፈታሉ፤ አንድ ጨዋታ ግን የተጫዋቹን ዝርዝር በመጫን ላይ ቆሞ ይቀራል።

ሙከራው በ1472 ይጀምራል፤ ዝምታ ነው። ወደ 1400 ሲወርድ መልስ ይመጣል። ስለዚህ ልኩ በሁለቱ መካከል ነው። ከዚህ በኋላ ቁጥሩን አንድ በአንድ ከመቀነስ ይልቅ ርቀቱን በግማሽ እየከፈሉ መሄድ ይበቃል።

| የተጻፈው ቁጥር | ውጤት |
|---|---|
| 1472 | ዝምታ |
| 1400 | መልስ |
| 1436 | መልስ |
| 1454 | መልስ |
| 1463 | መልስ |
| 1467 | ዝምታ |
| 1465 | ዝምታ |
| 1464 | መልስ |

ያለፈው ትልቁ ቁጥር 1464 ነው። 1464 ሲደመር 28 ውጤቱ 1492 ይሆናል፤ ይህም የፒፒፒኦኢ መስመር ልክ ነው። ለማመሳከር 1473 ሲሞከር ዝምታ ሳይሆን ፓኬቱ መቆረጥ አለበት የሚለው መልእክት ወዲያው ይመጣል፤ ምክንያቱም ያ ቁጥር የኮምፒውተሩን የራሱን 1500 ልክ ስለሚያልፍ ኮምፒውተሩ አይልከውም። እንግዲህ ዝምታው ያለው ከ1465 እስከ 1472 ባሉት 8 ቁጥሮች ላይ ብቻ ነው። እነዚህ 8 ቁጥሮች ራውተሩ ያልቆጠራቸው 8 ባይቶች ናቸው።

አንድ ጊዜ ብቻ ዝም ማለት ለመደምደም አይበቃም፤ በደካማ ዋይፋይ ላይ ትንሽም ፓኬት ሊጠፋ ይችላልና። እያንዳንዱን ቁጥር አራት ጊዜ መላክና፣ ከተቻለ በኬብል ተገናኝቶ መሞከር ይመረጣል። 1464 አራቱንም ጊዜ አልፎ 1465 አራቱንም ጊዜ ከጠፋ ጉዳዩ የመጠን ነው። ሁለቱም አልፎ አልፎ የሚጠፉ ከሆነ ግን ጉዳዩ የመስመር ጥራት እንጂ የኤምቲዩ አይደለም።

## ማስተካከያው

ትክክለኛው ቦታ ራውተሩ ነው። በኢንተርኔት ግንኙነቱ ገጽ ላይ `MTU` በሚለው ቦታ 1492 ይጻፋል። ከተቀየረ በኋላ በ1465 እንደገና ሲሞከር አሁንም አያልፍም፤ ነገር ግን ዝምታው ቀርቶ ከራውተሩ የማስጠንቀቂያ መልእክት መምጣት አለበት። ማስተካከያው መያዙ የሚታወቀው በዚህ ለውጥ ነው።

ይህ ከቤት የሚወጣውን ፓኬት ያስተካክላል። ከሰርቨሩ ለሚመጣው ደግሞ ራውተሮች ሌላ ብልሃት አላቸው። የቲሲፒ ግንኙነት ሲጀመር ሁለቱ ወገኖች በአንድ ፓኬት ምን ያህል መረጃ እንደሚቀበሉ ይነጋገራሉ፤ ይህ ቁጥር ኤምኤስኤስ ይባላል። ራውተሩ በመካከል ሆኖ 1460 የሚለውን ወደ 1452 ያወርደዋል፤ ይህም 1492 ሲቀነስ 40 ነው። ሰርቨሩ ከዚያ በላይ ስለማይልክ የማስጠንቀቂያው መልእክት በፋየርዎል ቢዘጋም ችግር አይፈጠርም። በሊኑክስ በሚሠሩ ራውተሮች ላይ ትዕዛዙ ይህ ነው።

```
iptables -t mangle -A FORWARD -p tcp \
  --tcp-flags SYN,RST SYN \
  -j TCPMSS --clamp-mss-to-pmtu
```

ራውተሩን መንካት በማይቻልበት ቦታ፣ ለምሳሌ በማደሪያ ወይም በኪራይ ቤት፣ የራስን ኮምፒውተር ኤምቲዩ መቀነስ ይቻላል። በዊንዶውስ በአስተዳዳሪ መብት በተከፈተ የትዕዛዝ መስኮት የመጀመሪያው ትዕዛዝ ያለውን መጠንና የመስመሩን ስም ያሳያል፤ ሁለተኛው ይቀይረዋል።

```
netsh interface ipv4 show subinterfaces
netsh interface ipv4 set subinterface "Ethernet" mtu=1492 store=persistent
```

ከጌም ማጫወቻዎች መካከል ፕሌይስቴሽንና ኒንቴንዶ ስዊች በኔትወርክ ማስተካከያቸው ውስጥ ኤምቲዩን በእጅ ለመጻፍ ይፈቅዳሉ፤ የስዊች መነሻ ቁጥር 1400 ነው። በኤክስቦክስ ላይ ግን ለውጡ የሚደረገው በራውተሩ ነው። የኤክስቦክስ የግንኙነት ሙከራ ቢያንስ 1364 ባይት ስለሚፈልግ፣ ራውተሩን ከዚያ በታች ያወረደ ሰው ሌላ ብልሽት ይገጥመዋል።

## የሙከራውና የማስተካከያው ገደብ

የራስን ኤምቲዩ መቀነስ ሰርቨሩ በቲሲፒ የሚልከውን መጠን ያስቀንሳል፤ ኮምፒውተሩ ግንኙነቱ ሲጀመር ያነሰ ኤምኤስኤስ ያስታውቃልና። ዩዲፒ ግን እንዲህ ያለ ንግግር የለውም። ሰርቨሩ በዩዲፒ ከመስመሩ በላይ የሆነ ፓኬት ከላከ ተጫዋቹ በቤቱ የሚቀይረው ቁጥር አያግደውም፤ መፍትሔው በጨዋታው አዘጋጅ ወይም በመስመሩ ባለቤት እጅ ነው።

ሙከራው የሚናገረው ስለተሞከረው መንገድ ብቻ ነው። ወደ ሌላ አገር ሰርቨር የሚሄደው መንገድ ሌላ ጠባብ መስመር ሊኖረው ይችላል። አንዳንድ ታላላቅ የሕዝብ ሰርቨሮች ለትልቅ ፒንግ አሳጥረው ስለሚመልሱ የሚለካው የመሄጃው መንገድ ብቻ ይሆናል። ቪፒኤን ተከፍቶ የተለካው ቁጥርም ቪፒኤኑ ሲዘጋ አይሠራም።

ኤምቲዩን መቀነስ የጨዋታውን መዘግየት ያሻሽላል የሚለው ልማዳዊ ምክር ከዚህ ብልሽት ጋር አይገናኝም። አብዛኞቹ የጨዋታ ፓኬቶች ከልኩ በታች ስለሆኑ ቁጥሩ ሲወርድ ምንም አይለወጥባቸውም። ከመጠን በላይ መቀነስ ደግሞ ጉዳት አለው፤ የአይፒ ስሪት 6 ከ1280 ባይት በታች በሆነ መስመር ላይ አይሠራም፤ ትላልቅ ፋይሎችም በበዙ ትናንሽ ፓኬቶች ስለሚላኩ ማውረድ ይዘገያል። ሙከራው 1472ን ካሳለፈ በዚያ መንገድ ላይ የሚስተካከል የኤምቲዩ ችግር የለም፤ የመቋረጡ ምክንያት ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።